በድምፅ የተዘጋ ዕቃ

ዲላ ውስጥ ረህማ ኸድሩን የማያውቅ ሰው አለ ከተባለ፣ ያ ሰው በዕድሜው ዕቃ ተልኮለት አያውቅም ማለት ነው። ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም በአውቶቡስ የሚመጣው ጥቅል ሁሉ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሮ ያልፋል፤ ቢሮዋ ውስጥ ደግሞ ረህማ አለች። አባቷ ኸድሩ ከስልጤ አገር መጥተው ዲላ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው አረፉ። ልጅቱ ከአባቷ የወረሰችው ሱቁን አይደለም፣ ሱቁን ወንድሞቿ ወሰዱት። የወረሰችው ሰውን አለመርሳት ነው። አንድ ጊዜ ያናገረችውን ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ በስልክ «ሃሎ» ሲል ታውቀዋለች። ይቺን ነገር ታውቃታለች፣ ትኮራባታለችም። ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚችው ኩራት ነው።

ሥራዋን ለማያውቅ ቀላል ይመስላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥቅሎቹን መሬት ላይ ትደረድራለች። ወናጎ የሚቀረው ወዲህ፣ ይርጋጨፌ የሚደርሰው ወዲያ፣ አሪቻና ኢዲዶ የሚወጣው ለብቻው። ከዚያ ሦስቱን ሞተረኞች ትመድባለች። የማን ሞተር ፍሬን ደከመ፣ ማን ትናንት ጭቃ ውስጥ ዋለ፣ ማን ጌዴኦኛ ይችላል፣ ይህን ሁሉ አስባ ነው። ሳጥኑ ሲጫን መጨረሻ የሚወርደው ዕቃ መጀመሪያ ይገባል፤ ይህን ያልገባው ሞተረኛ ዝናብ ላይ ቆሞ ሳጥኑን ሲያራግፍ ይውላል። ረህማ ደግሞ ሞተረኞቿ ዝናብ ላይ ሲቆሙ አትወድም።

ሞተረኞቿ ሦስት ነበሩ። መልከጼዴቅ የይርጋጨፌ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሰኞ ረቡዕ ዓርብ ወደ ደቡብ የሚወርደው እሱ ነው። በተረፉት ቀናት የሚወርደው ሳምሶን ነው፣ ከአፉ ቃል በመቆንጠጫ የሚወጣ። ሙስአብ ዲላንና ወናጎን ይዞ ሁለቱ ሲያርፉ ይተካቸዋል። ሦስቱም «እትዬ ረህማ» ይሏታል። መልከጼዴቅ ሲቀጠር ዋስ ጠፍቶበት የቢሮውን በር ይዞ ቆሞ ነበር፤ የፈረመችለት እሷ ናት። ሲያገባም ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄዳለች፣ ሙስሊም ነሽ ጴንጤ ነሽ ያላት የለም።

አሁን ወደ ኮዱ እንምጣ። የድርጅቱ ደንብ እንዲህ ነው፦ ሞተረኛው ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ ለተቀባዩ ስልክ አራት አኃዝ ኮድ በመልእክት ይሄዳል። ተቀባዩ ኮዱን ለሞተረኛው ይነግረዋል፣ ሞተረኛው ስልኩ ላይ ያስገባዋል፣ ዕቃው «ደርሷል» ተብሎ ይዘጋል። ኮድ ከሌለ ፊርማና ፎቶ ነው፤ እሱ ግን ሐዋሳ ያለው ዋናው ቢሮ አይቶ እስኪያጸድቀው እንዳልደረሰ ይቆጠራል፣ ሞተረኛው የሚታሰብለት ደግሞ በተዘጋ ዕቃ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ኢዲዶን አያውቁም። እዚያ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ዛሬ የተላከ ኮድ ነገ ማታ ይደርሳል። ሰውዬው ዕቃው ፊቱ ቆሞ፣ ኮድ የለውም ተብሎ ተመልሶ ሲጫንበት አስቡት።

ረህማ መላ ፈጠረች። የዕለቱን ኮዶች ጠዋት ከኮምፒውተሯ ላይ ወደ አንድ ደብተር ትገለብጣለች። ሞተረኛው ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ተቀባዩን ይዞ ይወጣና ይደውልላታል፣ ተቀባዩን ያገናኛታል። እሷ ስምህ ማነው፣ ማን ላከልህ፣ ከየት ነው የመጣው ብላ ትጠይቃለች። ድምፁ ልቧን ካሳመናት ኮዱን ለሞተረኛው ትነግረዋለች። ከዚያ ደብተሩ ላይ ሰዓቱን ጽፋ አጠገቡ አንዲት ቃል ትጨምራለች፦ «አመሰገነች»፣ «ጉንፋን ይዟታል»፣ «በጣም ደስ አላት»። ሞተረኞቹ ይህንን «በድምፅ መዝጋት» አሉት። የቢሮው ኃላፊ ጋሼ አብዱልአዚዝ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ረህማ የምትጠይቀው ነገር በሙሉ ጥቅሉ ላይ ተለጥፎ የሚነበብ መሆኑ ለማንም አልታየውም። ለእሷም አልታያትም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ቡናው ቀልቶ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሐዋሳ ስልክ ተደወለ። ኤልቤቴል የምትባል ልጅ ናት። ኢዲዶ ላሉት እናቷ ለወይዘሮ ገበያነሽ የላከችው ዕቃ እስካሁን እንዳልደረሰ ተናገረች። ረህማ ደብተሯን ገለጠች። ከአሥር ቀን በፊት፣ ሰኞ፣ መልከጼዴቅ፣ በድምፅ ተዘግቷል። አጠገቡ በራሷ እጅ «ምርቃቷ አያልቅም» ተብሎ ተጽፏል። ልቧ ሞቀ። እናትሽን ራሴ ነኝ ያናገርኳቸው፣ ደርሶኛል ብለው መርቀውኛል፣ ምናልባት አስቀምጠው ረስተውት ይሆናል ብላ በእርጋታ አስረዳቻት።

 

«እናቴን አናገርኳት ነው የሚሉኝ?» አለች ኤልቤቴል። «እናቴ እኮ መስማት ካቆመች ሦስት ዓመቷ ነው። ስልኳን የሚያነሳላት ጎረቤት ነው። የላኩላት ዕቃ ራሱ የጆሮ መስሚያ ነው።»

ረህማ ስልኩን አስቀምጣ የዕቃውን መዝገብ ደግማ አየች።  ጥቅሉ ላይ የተጻፈው «ኤሌክትሮኒክስ፣ ተሰባሪ» ብቻ ነበር። ታዲያ ያን ቀን ስሜ ገበያነሽ ነው ያለቻት፣ ልጄ ናት የላከችልኝ ያለቻት፣ እንደዚያ ያዘነበችው የምርቃት መዓት የማን ነው? እሷ በድምፅ ሰው አውቃለሁ ባይዋ፣ ከማን ጋር ስትመራረቅ ኖራለች? ሐፍረቱ ከቁጣው ቀድሞ መጣባት።

ጋሼ አብዱልአዚዝ በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰቡ። ሦስቱ ሞተረኞች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ረህማ ቆመች። መልከጼዴቅ በዕድሜው ስቆ የማያውቅ ሰው ይመስል ኮስተር ብሎ መጥቷል። ረህማ ለእሱ ማፈሪያ እንዳይሆን ብላ ነገሩን በለሆሳስ ነበር ያነሳችው፤ ምናልባት ተሳስተህ ለሌላ ሰው ሰጥተህ ይሆናል፣ የመሰለህን ንገረን፣ አብረን እንፈልገዋለን አለችው። በር ከፈተችለት። እሱ ግን በሌላ በር ወጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አላውቅም» አለ ወደ እሷ ሳያይ። «ኮዱን የሰጠችኝ እትዬ ረህማ ናት። ሁልጊዜም ሰው ኖረም አልኖረም ትሰጠኛለች። ቶሎ ዝጋው ነው የምትለኝ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ። ረህማ ሳምሶንን አየችው። ሳምሶን የሄልሜቱን ማሰሪያ ይፈታል፣ ይቋጥራል። ሙስአብን አየችው። ሙስአብ መሬቱን ያያል። ሁለቱም ተቀባይ ሳይናገር ኮድ ሰጥታ እንደማታውቅ ያውቃሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲያናግራት እንኳ ድምፅህ አላሳመነኝም ብላ ሁለቴ ትጠይቅ እንደነበር ያውቃሉ። አንዲት ቃል፣ «አይ፣ እንዲህ አይደለም» የምትል ቃል ይበቃት ነበር። ግን ከአግዳሚው ምንም አልመጣም። እንደዚያ ቀን ብቻዋን ቆማ አታውቅም።

ጋሼ አብዱልአዚዝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የአባቷም ወዳጅ ነበሩ። ቢሆንም ኮዱን የሰጠችው እሷ ናት፣ የልጁም ዋስ እሷ ናት፣ ሁለቱም በጽሑፍ አለ። የመልከጼዴቅን የሞተር ቁልፍ ተቀበሉት። ለእሷም ዕቃው እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ ጉዳዩን ለሐዋሳ እንደሚጽፉ፣ ሲጽፉም ስሟን ሊደብቁላት እንደማይችሉ ነገሯት። ከዛሬ ጀምሮ በድምፅ የሚዘጋ ዕቃ እንዳይኖርም አዘዙ። ሐዋሳ ከተጻፈ ረህማ ከሥራዋ ወጣች ማለት ብቻ አይደለም፤ በዚያች ከተማ የኸድሩ ልጅ ዕቃ በላች ተባለ ማለት ነው። ይኸኛው ነው አንጀቷን የቆረጠው።

ቤቷ ገብታ ደብተሩን ገለጠች። የመልከጼዴቅን ገጾች ብቻ ነው ያየችው፤ የተናደደችው በእሱ ነዋ። ያን ሰኞ አሪቻ የነበረው ዕቃ በተቀባዩ በራሱ ኮድ፣ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ተዘግቷል። የገበያነሽ በድምፅ፣ አምስት ከሃያ አምስት። ረህማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከአሪቻ ኢዲዶ ለመድረስ መጀመሪያ ይርጋጨፌ ከተማ ተመልሶ፣ በወዲያኛው በኩል ያንን የጭቃ ዳገት መውጣት አለበት። መንገዱን ያወጣችው እሷ ራሷ፣ ደረቅ ቀን እንኳ ሰዓት ሊሞላው ምን ቀረው ብላ የምትመድብ እሷ ራሷ! በሩብ ሰዓት ይርጋጨፌ ከተማ ቢገባ ነው። እዚያ ደግሞ ሞተረኞቿ የት እንደሚገኙ ታውቃለች፦ ሙሉካ ምግብ ቤት። ምሳ ቀደም ብለው ነው የሚበሉት። ደብተሩ ይህን ሁሉ ጽፎ ይዞላት ነበር፣ አንብባው አታውቅም እንጂ።

ዓርብ በማለዳ ቢሮ ገብታ፣ በልማዷ የዕለቱን ኮዶች ገልብጣ፣ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ዴስኩን ጋሼ አብዱልአዚዝ እንዲይዙላት አስፈቅዳ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይርጋጨፌ ወረደች። የሙሉካ ቤት ገና መከፈቷ ነው። አንዲት ደልደል ያለች ሴት ጠረጴዛ ትወለውላለች። በአካል ተገናኝተው አያውቁም።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ» አለች ረህማ።

ሴትዮዋ መወልወያውን እንደያዘች ቀጥ አለች። ፊቷ ላይ ደም የቀረ አይመስልም። ያንን ድምፅ በስልክ ስንት ቀን ሰምታዋለች!

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሙሉካ ቀስ ብላ። «ግቢ። ተባረኪ፣ ግቢ።»

ያቺ «ተባረኪ»! ረህማ ወንበር ይዛ ቆመች። ይህች ናት ገበያነሽ። ይህች ናት ጉንፋን የያዛት አሮጊት፣ ይህች ናት ከወሊድ የተነሳችው ወጣት፣ ይህች ናት በጣም ደስ ያላት የአስተማሪው ሚስት። የዚያ ዳገት ሴቶች ሁሉ አነጋገራቸው ይመሳሰላል እያለች ስትገረም ኖራለች። ለካ አንዲት ሴት ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የረህማ ጆሮ ለረህማ ከባዳም የከፋ ሆነባት።

ሙሉካ አልካደችም፣ ክፋትም ያደረገች አልመሰላትም። ልጆቹ ጭቃውን ፈርተው ዕቃውን እሷ ጋር ያስቀምጣሉ፣ እሷ ለባለቤቶቹ ትደውላለች፣ ሰዎቹም በገበያ ቀን ወርደው ይወስዳሉ። የጠፋ ዕቃ የለም ብላ በልጆቿ ማለች። ስልክ ላይ እንደዚያ በዪ ያሏት እነሱ ናቸው፤ ለደንቡ ያህል ነው፣ እትዬም ታውቃለች ብለዋታል። የገበያነሽ ስልክ ግን ብትደውል ብትደውል የሚያነሳው ጠፋ፣ ዕቃዋም ቆየ። ይህን ብላ ከባንኮኒው ሥር ትንሽዬ ካርቶን አወጣች። ገበያነሽ፣ ኢዲዶ። ማሸጊያው አልተነካም።

«ማታ መልኬ ደውሎ ነበር» አለች፣ መልከጼዴቅን ማለቷ ነው። «ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ። ሰው ይልካል ስል አንቺው ራስሽ ስትመጪ ነው የደነገጥኩት።»

ዕቃው ተገኘ። ረህማ እፎይ ማለት ነበረባት፣ ስሟ ተረፈ፣ ቅዳሜም ገና አልደረሰም። ነገር ግን ሙሉካ ንጽሕናዋን ልታስረዳ ፈልጋ አንድ ደብተር አመጣች። አይ ደብተር! በማስመሪያ የተሰመረ፦ ቀን፣ የባለዕቃው ስም፣ ያመጣው ልጅ፣ ከመጨረሻው ዓምድ ላይ የጣት አሻራ ወይ ፊርማ። ሰው መጥቶ ሳይፈርምባት አንድም ዕቃ አልሰጠችም። ደንቡ የሚለው የርክክብ ማስረጃ ዲላ ቢሮ ሳይሆን እዚህ፣ ከባንኮኒ ሥር ነበር። የረህማ ደብተር ላይ «አመሰገነች» ብቻ ነው ያለው።

ረህማ በጣቷ ያመጣው ልጅ የሚለውን ዓምድ ወደ ታች ተከተለች። መልኬ። መልኬ። ሳምሶን። መልኬ። ሳምሶን። ሳምሶን። ሙስአብ። ሳምሶን። ገጹን ገለበጠች። ሙስአብ፣ ያቺ ሳምሶን ወንድሙ ሞቶበት እሱ የተካባት ሳምንት። መልኬ። ሳምሶን።

ለካ አግዳሚው ላይ ዝም ያሉት ፈርተው አልነበረም። አንድ ሰው መውደቅ ካለበት እሷ እንድትወድቅ ተስማምተው ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ከሚነካ እሷ ትሂድ ብለው። ዝናብ እንዳይመታቸው ሳጥናቸውን ስታስደረድር፣ የደከመ ፍሬን ያለውን ሜዳ ሜዳውን ስትመድብ፣ ደንብ ጥሳ ኮድ ስትነግራቸው፣ እነሱ እዚህ ምሳቸውን እየበሉ የሰው ድምፅ ሲከራዩላት ነበር። ምናልባትም ስልኩ ሲዘጋ ይስቁ ነበር። ይህን ግን ሙሉካን አልጠየቀቻትም። መልሱን ሰምታ ምን ልታደርገው? አለቀሰች። ሙሉካ ውሃ አመጣችላት፣ አልጠጣችም።

ወደ ኢዲዶ የሚያወጣት ሌላ ሞተር ተከራይታ ወጣች። ዳገቱ ላይ ሁለቴ ከሞተሩ ወርዳ በእግሯ ነው የጨረሰችው፤ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ተመልሳ አወጣችው። ልጆቹ ይህን መንገድ ቢጠሉት አይፈረድባቸውም። ነግረዋት ቢሆን ኖሮ ዕቃው ሙሉካ ጋር እንዲቀመጥ ራሷ ከጋሼ አብዱልአዚዝ ጋር ተጣልታ ታስፈቅድላቸው ነበር። ይህንን እያሰበች ነው የወጣችው፣ ይኸው ነው ያቃጠላት።

ወይዘሮ ገበያነሽ የቡና ማድረቂያ አልጋቸው ላይ ጎንበስ ብለው ፍሬ ይለቅማሉ። ሰው ሲመጣ አልሰሙም። ረህማ ዞራ ፊታቸው ቆመች፣ ካርቶኑን አሳየቻቸው፣ የልጃቸው ስም የተጻፈበትን በጣቷ አመለከተች። አሮጊቷ ማንበብ አይችሉም፤ ረህማ ግን ከይርጋጨፌ ደውላ ያስላከችውን የኤልቤቴልን ፎቶ ስልኳ ላይ አወጣች።

«ልጄ!» አሉ ገበያነሽ።

ድምፃቸው ጎርናና፣ ከፍ ያለ፣ ራሱን የማይሰማ ሰው ድምፅ ነው። ደብተሩ ላይ «ምርቃቷ አያልቅም» ተብሎ የተመሰከረለት ድምፅ ይህ መሆን ነበረበት። ገበያነሽ አልመረቁም። ካርቶኑን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቆሙ። ጎረቤታቸው መጥቶ ረዳቸው፣ ረህማ ስማቸውን ጻፈች፣ አውራ ጣታቸውን አስነክታ ዕቃውን እንደያዙ ፎቶ አነሳቻቸው። አስረካቢ በሚለው ቦታ የራሷን ስም ጻፈች። ሐዋሳ እስኪያጸድቀው ሁለት ቀን ቢፈጅም ይፍጅ።

ስትመለስ ጉብታው ላይ ስልኳ ኔትወርክ አገኘ፣ ወዲያው ጠራ። ሙስአብ ነው፣ ከወናጎ በላይ ካለ መንደር። የት እንዳለች አያውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ እንድትተባበረው ለመናት፤ ኮዱ አልገባም፣ ዝናቡ ወርዷል፣ ተቀባይዋ አጠገቡ ናት፣ ጋሼም አይሰሙብንም። ሳትመልስለት ስልኩን ለሴት ሰጣት። ሽማግሌ ሴት ናት፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«ልጄ፣ መድኃኒቴ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ዳገቱን ወርጄ ነው የመጣሁት። ስሜን ልንገርሽ?»

ረህማ ደብተሯን አውጥታ የዕለቱን ገጽ ገለጠች። ኮዱ አለ፣ አራቱም አኃዝ። ጆሮዋን አጥብቃ ስልኩ ላይ ለጠፈች። ድሮ ቢሆን በአንዲት ቃል ታውቃት ነበር። አሁን ግን በዚያ ድምፅ ውስጥ ሙሉካን ፈለገች፣ የሙስአብን ሚስት ፈለገች፣ ሌላ የማታውቃት ባለ ምግብ ቤት ፈለገች፤ አሮጊቷንም ፈለገች። አላገኘቻቸውም።

«ስልኩን ለሙስአብ ይስጡት» አለች። ለሙስአብም የእሱን ፊርማና ፎቶ እንኳ እንደማታምን፣ ዕቃውን ይዞ እንዲመለስ ነገረችው። እሱ ገና እየተናገረ፣ ከኋላው ሴትዮዋ ምን አለች ብላ ስትጠይቅ እየተሰማ፣ ስልኩን ዘጋችው።

ደብተሩ ላይ ሰዓቱን ጻፈች። አጠገቡ የምትጽፈው ቃል አጥታ ባዶውን ተወችው፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ወረደች።